ቤንዚን ቀድቶ ዶላር ማሳሰር

ጥያቄ፦ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አርብ ማታ በዴቢት ካርዴ የ42 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ። ስልኬን ብከፍት ባንኩ «175 ዶላር፣ ፔንዲንግ» ይለኛል። ተዘረፍኩ አይደል?

መልስ፦ ዘራፊ ደረሰኝ ሲሰጥ የት አየህ? ካርድህን ስትሰካ ማሽኑ ስንት እንደምትቀዳ በምን ይወቅ፣ ግንባርህ ላይ አልተጻፈ! ስለዚህ ባንክህን «ይሄ ሰውዬ ይህን ያህል አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባንኩም «አለው» ብሎ ያንኑ ያህል ለይቶ ያስራል። አንዳንዱ ማደያ 1 ዶላር ብቻ ይጠይቃል፤ ያንተው ጣሪያውን ነክቷል። ቪዛና ማስተርካርድ ጣሪያውን በ2022 ከ125 ወደ 175 ዶላር ከፍ አድርገውታል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ገና የኔ ከሆነ እንጀራ መግዣ ለምን ከለከለኝ? 210 ዶላር ነበረኝ እኮ!

መልስ፦ ያንተ ነው፤ መንካት ነው የተከለከልከው። 175ቱ ሲታሰር 35 ቀረህ። አንተ ደግሞ የ50 ዶላር እንጀራና ቡና ታቅፈህ ካሸሩ ፊት ተገተርክ። ካርዱ ምን አጠፋ? መቀነስ የማይወደው ባለቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አርብ የቀዳሁት እስከ ማክሰኞ የሚቆየው በአህያ ተጭኖ ነው?

መልስ፦ በአህያ ቢሆን እሑድም ይጓዝ ነበር። መጠየቁ የሰከንድ ሥራ ነው፤ መክፈሉ ግን ሌላ ነው። ማደያው የቀኑን ሽያጭ አጠራቅሞ ለራሱ ባንክ ይልካል፤ ያ ባንክ በካርዱ መረብ በኩል ለባንክህ ያቀርባል፤ ባንኮቹ የሚተሳሰቡት ደግሞ በሥራ ቀን ነው። ያንተዋ ሰኞ በዓል ነበረች። ማክሰኞ 42ቱ ተቀነሰ፣ 133ቱ ተፈታ።

ጥያቄ፦ እኔማ በጓደኛዬ ነው የቀናሁት። የሱ ፔንዲንግ ሳይቀነስ ከነአካቴው ጠፋለት!

መልስ፦ እልልታውን አቆይለት። የእስሩ ጊዜ ሲያልቅ ገንዘቡ ይፈታል፤ ዕዳው ግን አልተፈታም። ማደያው ሒሳቡን ዘግይቶ ሊልክ ይችላል። ያኔ ጓደኛህ ገንዘቡን በልቶት ከሆነ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባንኩ ቅጣት ቢደርብበትም አይገርምም። ደረሰኙ ላይ ያለው ድምር እስካልተቀነሰ ድረስ እንደሌለው ይቁጠረው።

ጥያቄ፦ ሬስቶራንትስ? 60 ዶላር ፔንዲንግ ያለው 70 ሆኖ ተቀነሰብኝ!

መልስ፦ ቲፑን ማን ጻፈ? ባንክህ የተጠየቀው አስተናጋጇ ካርዱን ስትወስድ ነው፤ አንተ 10 ዶላር በእስክሪብቶ የጨመርከው ከዚያ በኋላ። ልጅቷ ፊት ቸር፣ ስልክህ ፊት ከሳሽ ሆንክሳ!

ጥያቄ፦ ባንኩ ጋ ደውዬ «ፍቱልኝ» ብላቸውስ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ «ማደያውን ጠይቅ» ይሉሃል። ጠያቂው እሱ ስለሆነ «ልቀቁት» ማለትም የሚችለው እሱ ነው። ከመታሰሩ በፊት ማምለጥ ይቀላል፤ ውስጥ ገብተህ «ፓምፕ 4፣ 40 ዶላር» ብለህ ክፈል፤ የሚታሰረው 40 ብቻ ነው። ገብተህ በቀረው ቺፕስ ከገዛህበት ግን እኔ ጋ እንዳትመጣ።