ከአቅም በላይ የሆነው ሰኔ 30

ሰንጋ ተራ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የተመቸ ሰፈር ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ኮሜርስ እዚያ ነው፤ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶችም በዙሪያው ተኮልኩለዋል። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሳይቀር ቀና ብለው የሚያዩት ጎረቤት ነው። ስለ ባንክ ሠራተኞች የሥራ እርካታ የሚያጠና ሰው መጠይቁን በክንዱ ሥር ሸጉጦ በእግሩ ይደርሳል። ይህን በመሰለ ሰፈር ነው እንግዲህ፣ ሰኔ በገባ ቁጥር፣ መረጃው ለምን እንደዘገየ ለአማካሪ የሚያስረዳው ደብዳቤ የሚያብበው።

የደብዳቤው ጥበብ ከአክብሮት ይጀምራል። "ለክቡር ዶክተር" ይላል፤ "በቅድሚያ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ" ይላል፤ "ጉዳዩ፦ የተሻሻለ የጊዜ ሰሌዳ ስለማቅረብ" ይላል። ቀጥሎ የሥራው ሁሉ ምሰሶ የሆነው ሐረግ ይመጣል፦ "ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት"። ምክንያቱ ምን እንደሆነ መዘርዘር ጨዋነት አይደለም። አማካሪውም አይጠይቁም። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ከብዙዎቹ የተውጣጣ አንድ ዓይነተኛ ደብዳቤ እንሥራ፤ የተማሪው ስም ይቅር፣ የባንኩም ይቅር። ባንኩ በዋና መሥሪያ ቤቱ 1,200 ሠራተኞች አሉት እንበል። ተማሪው ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን የያማኔን ቀመር ይዟል፦ የሠራተኛው ብዛት በስሕተት ወሰኑ ካሬ ይባዛል፣ አንድ ይደመርበታል፣ የሠራተኛው ብዛትም ለዚያ ይካፈላል። ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን 1,200 ለ4 ይካፈልና 300 ሰው ይወጣል። በመጀመሪያው ዕቅድ መጠይቁ ከግንቦት 6 እስከ ግንቦት 30 ይሰበሰባል፤ ትንተናው 20 ቀን ይወስዳል፤ ዲፌንሱ ሐምሌ 20 ነው።

ሰኔ 18 ደብዳቤው ሲጻፍ የተመለሰው 40 ነው።

የዘገየበት ምክንያት ድብቅ አይደለም፤ በደብዳቤው ውስጥ ቦታ ያጣ ብቻ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገባ። ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊ ተመራ፤ ከኃላፊ ወደ ሰው ሀብት ተመራ፤ ሰው ሀብት "ለየክፍሉ ይመራ" ብሎ ጻፈበት። በዚህ መሃል ሳምንታት አለፉ። ይህን መንገድ ከመጠይቁ በፊት፣ በየካቲት፣ መጀመር ይቻል ነበር። ግን የካቲት ላይ ማን ስለ ሰኔ ያስባል?

ትልቁ ዱብ ዕዳ ግን ሰኔ 30 ነው። የሒሳብ ዓመቱ በዚያ ቀን ይዘጋል፤ የባንክ ሠራተኛም አምሽቶ ሒሳብ ያስታርቃል። ይህ ቀን በየዓመቱ በዚያው ዕለት ይውላል፤ እንደ ፋሲካ አይዘዋወርም። ተማሪው በመጀመሪያ ዲግሪው አካውንቲንግ የተማረ ነው፤ ሒሳብ አዘጋግ ላይ ተፈትኖም ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ቢሆንም በደብዳቤው ላይ ሰኔ 30 እንደ ድንገተኛ ጎርፍ ቀርቧል፤ "በባንኩ ያልተጠበቀ የሥራ ጫና በመፈጠሩ" ተብሎ።

አሁን ወደ ተሻሻለው የጊዜ ሰሌዳ እንምጣ፤ የፈጠራው ጫፍ ያለው እዚህ ነው። "ቀሪው መረጃ ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 2 ባሉት ሁለት ሳምንታት ይጠናቀቃል" ይላል። ከሒሳብ መዝጊያ ለመሸሽ የተመረጡት 14 ቀናት የሒሳብ መዝጊያው የመጨረሻ 12 ቀናትና ማግስቶቹ ናቸው። በስድስት ሳምንት 40 መጠይቅ የመለሰ ባንክ፣ በዚያው ፍጥነት ከሄደ፣ ቀሪውን 260 ለመመለስ 39 ሳምንት ይፈልጋል፤ መጋቢት አጋማሽ ማለት ነው። ይህን ማካፈል በስልክ ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ደብዳቤው የሚጻፈው ቁጥር እንዲታይ አይደለም፤ ስለዚህ 40 የሚለው አኃዝ የትም አልተጠቀሰም። "አብዛኛው መረጃ በመሰብሰብ ላይ ይገኛል" ተብሏል።

ዲፌንሱ ግን ከሐምሌ 20 ንቅንቅ አላለም። የመሰብሰቢያው ጊዜ ሲለጠጥ የተጎዳው ትንተናው ነው፤ ከ20 ቀን ወደ 6 ቀን ወረደ። አማካሪው በራስጌው ላይ "ይቀጥል" ብለው ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሰንጋ ተራ ያውቀዋል። በሒሳብ መዝጊያ ሳምንት፣ ቀና ብሎ ሰው የሚያይ ሠራተኛ በጠፋበት ሰዓት፣ 260 መጠይቅ ተሞልቶ ይመለሳል። ወረቀቶቹን አጠገብ ለአጠገብ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ምልክቱ ብዙ ነው። ሰማያዊው እስክሪብቶ አንድ ነው፤ የራይት ምልክቱ ጭራ በሁሉም ላይ ወደ አንድ ጎን ይሳባል። 7ኛው ጥያቄ "በሥራዬ እረካለሁ" ሲል መላሹ "በጣም እስማማለሁ" ብሏል፤ 19ኛው "በሥራዬ አልረካም" ሲልም እንዲሁ "በጣም እስማማለሁ"። ከ40ዎቹ እውነተኛ መጠይቆች አንዳንዶቹ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ያለባቸውና ግማሽ ገጽ ባዶ የቀረባቸው ሲሆኑ፣ አዲሶቹ አንድም ባዶ የላቸውም፤ ጥርት ያሉ ናቸው። በተገላቢጦሽ የተጻፉት ጥያቄዎች ከወጡማ ክሮንባክ አልፋው ከሚፈለገው 0.7 አልፎ ይፈነጥዛል። አንድ እጅ የሞላው መጠይቅ እርስ በርሱ ቢስማማ ምን ይገርማል?

ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የለም ማለት አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲያውጅ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለወራት ሲቋረጥ፣ ጥናቱ እዚያ የነበረ ተማሪ መንገድ ተዘግቶበታል። የዚህ ሰው ደብዳቤ አጭር ነው፦ ቦታው ይህ ነው፣ ከዚህ ቀን ወዲህ መግባት አልተቻለም፣ የተሰበሰበው ይህን ያህል ነው፣ ቦታውን ልቀይር ወይስ ልጠብቅ? የሰላምታ ጋጋታ አያስፈልገውም።

የሰንጋ ተራውም ተማሪ እንዲህ መጻፍ ይችል ነበር። "300 በተንሁ፤ 40 ተመለሰ። የስሕተት ወሰኑን ወደ 10 በመቶ ባሰፋው 92 ይበቃኛል፤ ቀሪው 52 ነው፤ አሁን ባለው ፍጥነት ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እጨርሳለሁ። ይፈቅዱልኛል?" ይህም ዋጋ አለው። በዚህ ወሰን 60 በመቶው ረክቷል ብሎ የሚጽፍ ሰው ከ50 እስከ 70 ባለው መሃል የትም ሊሆን እንደሚችል ማመን አለበት። ቀመሩም የሚሠራው ሠራተኞቹ ከስም ዝርዝር በዕጣ ከተመረጡ ነው፤ ጓደኛ ባለበት ፎቅ ብቻ ከተበተነ 92ም ሆነ 300 የዚያን ፎቅ ወሬ ነው የሚነግረው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዲፌንሱ ወደሚቀጥለው ዓመት መሻገሩና የአንድ ሴሚስተር ክፍያ መጨመሩ ነው።

ስለዚህ ተማሪው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይመርጣል፤ አማካሪውም ይህንኑ ይመርጡለታል፤ "ስንት ተመለሰ?" ብለው ቢጠይቁ መልሱ እሳቸውንም በነሐሴ ያሠራቸዋልና። ሐምሌ 20 ላይ ፈታኞቹ በቅርጸ ፊደሉና በኅዳጉ ስፋት ላይ አጥብቀው ይከራከራሉ። የመጠይቆቹን ክምር ግን አምጣ የሚለው የለም፤ የባንኩ ሠራተኞች የሥራ እርካታ "ከፍተኛ" ሆኖ ይመዘገባል።