ስሙን ብቻ ቀይሩ

የሁለተኛ ዲግሪ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ወራት ሲደርስ ከአመልካቹ ይልቅ የሚደክመው «ፈልግና ተካ» የሚለው የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። አመልካቹማ አንዴ ጽፎ ተገላግሏል። ከልጅነቱ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር እንደነበረው፣ አገሩን ማገልገል እንደሚሻ፣ ለዚህም «ዓለም አቀፍ ዝና ካተረፈው ዩኒቨርሲቲያችሁ» የተሻለ ቦታ እንደሌለ በአንድ ገጽ ተኩል አስፍሯል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሥራ በሰርግ ጥሪ ወረቀት ላይ «ለክቡር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ እንደ መሙላት ያለ ብቻ ነው። ጥንቁቅ የሚባለው አመልካች ደግሞ ከፕሮግራሙ ገጽ ሁለት የኮርስ ስምና የአንድ ፕሮፌሰር ስም ቀድቶ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ይሰካል። የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ እንኳ ማንበብ አያስፈልግም፤ ስማቸው በትክክል ከተጻፈ ደብዳቤው ለፕሮግራሙ «ተስማምቷል»።

የዚህ ጥበብ ድንቅነት በውሃ ምህንድስና አመልካቾች ላይ ጎልቶ ይታያል። በኤራስመስ ሙንዱስ ሥር ከሚሰጡት ፕሮግራሞች አንዱ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ያተኩራል፤ ተማሪዎቹን ሊዝበን፣ ዴልፍትና ድሬስደን ያዞራቸዋል። ሌላው የጎርፍ አደጋን የሚመለከት ሲሆን እሱም ድሬስደንና ዴልፍት ላይ ያስተምራል፤ ባርሴሎናና ሉብሊያናም አሉበት። እንግዲህ «ዩኒቨርሲቲያችሁ» የሚለው አመልካች የትኛውን ማለቱ ይሆን? ትምህርቱን የሚሰጠው የተቋማት ጥምረት ነው። ሁለቱም ማመልከቻዎች እነዚያው ተቋማት ዘንድ ሊደርሱ ይችላሉ፤ አንዱ ደብዳቤ «የሕይወቴ ሕልም የከርሰ ምድር ውሃ ነው» ይላል፣ ሌላው በዚያው ዓረፍተ ነገር ሕልሙን ወደ ጎርፍ ያዛውረዋል።

ይህን ጥበብ ለሚወዱ የሚከፋ ዜና አለ፦ አንድ እውነተኛ ሥራ ያለው ሰው ሕልም መቀያየር አያስፈልገውም። መተሐራ አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ የውሃ ከፍታ ሲለካ የቆየ መሐንዲስ እናስብ። ሐይቁ በፈረንጆች 1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የግጦሽና የሸንኮራ አገዳ መሬት ወስዷል፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም ተጋፍቷል። የደብዳቤው እምብርት ይኸው ነው፦ የት እንደሠራ፣ ምን እንደለካ፣ ልኬቱ ምን እንዳሳየው። ይህ ግማሽ ገጽ ለየትኛውም ፕሮግራም አይለወጥም። የሚለወጠው ከልኬቱ የሚወጣው ጥያቄ ነው። ለከርሰ ምድር ውሃው ፕሮግራም ጥያቄው የውሃው ምንጭ ይሆናል፦ ሐይቁን የሚሞላው ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ነው ወይስ ከምድር ሥር የሚፈልቀው? መሐንዲሱ ከፍታ መለካት ይችላል፤ ምንጩን የሚለይበት ስልት ግን የለውም፤ ሊማር የሚሄደውም እሱን ነው። ለጎርፉ ፕሮግራም ሐይቁ በአንድ ሌሊት የማይመጣ፣ በዓመታት የሚነሳ ጎርፍ ነው፤ የጎደለው እውቀት ውሃው ቀጥሎ ማን ዘንድ እንደሚደርስና ጉዳቱ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ነው። የውሃ አስተዳደር ለሚያስተምር ፕሮግራም ደግሞ የሐይቁ ውሃ በቦይ ወደ አዋሽ መለቀቁ ይነሳል፦ ጨዋማው ውሃ በምን ያህል መጠን ይቀላቀል? ወንዙን ከታች የሚጠቀሙት አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮችስ በውሳኔው ላይ ድምፅ አላቸው ወይ? ሐይቁ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ አንዱን ደብዳቤ ለሌላው ፕሮግራም መላክ ግን አይቻልም።

«ታዲያ ይህ ሦስት ሰው መምሰል አይደለም ወይ?» የሚል ቅን ተቃዋሚ ይኖራል። ሦስት ሕልም የፈጠረው ግን «ፈልግና ተካ» ነው፤ መሐንዲሱ ከአንድ ሥራ የተወለዱ ሦስት ጥያቄዎችን ለየባለቤታቸው አደረሰ እንጂ ስለ ራሱ የተናገረው አልተለዋወጠም። ውሸት የሚሆነው የሌለውን ጥያቄ ሲሰካ ነው። «ገምጋሚዎች በመቶ የሚቆጠር ደብዳቤ እያገላበጡ ይህን ሁሉ መች ያነባሉ?» ለሚሉትም፣ ችኩል ገምጋሚ «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን ከመቶ ሰው አንብቦ በሰለቸበት ሰዓት እሱኑ መድገም በእርግጥ ደፋር ስልት ነው።

«ለአሥር ፕሮግራም ይህን ያህል ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ግን ቀልድ አይደለም፤ የሥራ ሰዓትና የኢንተርኔት ችግር ያለበት ሰው ያነሳዋል። ሆኖም ግማሽ ገጹ አንዴ ከተጻፈ የሚቀረው ስለ ጥያቄውና ስለ ጎደለው እውቀት ሁለት አንቀጽ ነው። እነዚህን ለመጻፍ የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር በቅጡ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ንባቡም አሥሩን ዝርዝር ያሳጥረዋል። ለምሳሌ የባሕር ዳርቻ ምህንድስና ፕሮግራም ከበሰቃ ምን ጥያቄ ያወጣል? ምንም። ስለዚህ ያ ማመልከቻ ይቀራል፤ «ፈልግና ተካ» ግን ባሕር በሌለበት አገር የሠራውን መሐንዲስ ከልጅነቱ ጀምሮ ማዕበል ወዳድ አድርጎ በደቂቃ ውስጥ ያቀርበዋል።