ሪክሩተር ቨርጂኒያ 2

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የኮንትራት ሥራ የሚያፈላልግ ሐበሻ ስልኩን ቢገልጥላችሁ፣ ከዘመድ አዝማዱ ይልቅ የሚበዛው ሪክሩተር ነው። «ሪክሩተር ቨርጂኒያ»፣ «ሪክሩተር ቨርጂኒያ 2»፣ «ያቺ ፈጣኗ»፣ «እንዳታነሳ»። የመጨረሻው ሪክሩተር ይሁን ዕዳ ሰብሳቢ፣ ባለስልኩም እርግጠኛ አይደለም።

ሪክሩተር ደግሞ የሚደውለው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። ሰውየው ኡበር እየነዳ፣ ተሳፋሪ ከኋላው ቁጭ ብሎ፣ «የስ፣ የስ፣ አይ ኮንፈርም» ይላል። ማታ ባለቤቱ «ማነው የደወለው?» ስትለው፣ «አንዱ ነው፤ ጥሩ ሰው ይመስላል» ይላታል። «ለየትኛው ሥራ?» «ለቢዝነስ አናሊስት መሰለኝ። ዋጋው ግን አሪፍ ነው።» ዋጋው ስንት እንደሆነ እንዳትጠይቁት።

«ኤክሴል ላይ መዝግበው እንጂ» ብለው የሚመክሩት አሉ። ምክሩን የሚሰማ ደግሞ አብዝቶ ይሰማል። ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ ደረጃውን በአረንጓዴ፣ ተስፋውን በቢጫ፣ ቅሬታውን በቀይ እየቀባ፣ ሃያ ምናምን ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያወጣል። «የሪክሩተሩ ስሜት» የሚል ዓምድ ያየሁበት ሰው አለ፤ ከሥሩ «ሳቀች» ተብሎ ተጽፏል። ሳቀች! በዚህ መረጃ ምን ይደረጋል? ሠንጠረዡ ለጓደኛ ሁሉ ሲታይ ይሰነብትና ሁለተኛው ሳምንት ላይ አራተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ሪክሩተሮቹ ግን መደወላቸውን አያቆሙም።

ሁለቱም ወገን የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ፦ ደዋዩ ቀጣሪ አይደለም። ቀጣሪው ዘንድ የተከፈተው አንድ ቦታ ለብዙ አገናኝ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ይበተናል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች በሦስት ቀን ቢደውሉ፣ ሦስት ሥራ ሳይሆን አንዱ ሥራ ሦስቴ ተደውሎ ሊሆን ይችላል። አገናኙ ብዙውን ጊዜ ሪዙሜውን ከመላኩ በፊት «ራይት ቱ ሪፕረዘንት» የሚሉትን አጭር ኢሜይል ይልካል። ለዚህ ሥራ፣ በዚህ የሰዓት ዋጋ፣ እኔ ብቻ እንድወክልህ ፈቅደሃል ማለት ነው። «ኮንፈርም» ብሎ የሚመልስ ሰው ፈርሟል፤ መሪ ይዞም ቢሆን።

እንግዲህ የሠንጠረዡን ጥቅም በአንድ ሰው ላይ እንየው። ሰኞ ማርች 3፣ 2025 አንዷ ደወለች፤ ሬስተን፣ የዘጠኝ ወር ኮንትራት፣ በሰዓት 52 ዶላር። ሰውየው ፈቀደ። ሐሙስ ማርች 6 ሌላው ደወለ፤ እሱም ሬስተን፣ ዘጠኝ ወር፣ ግን 58 ዶላር። የደንበኛውን ስም ሲጠየቅ «ትልቅ ድርጅት ነው፣ አሁን መናገር አልችልም» አለ። ስድስት ዶላር ደግሞ ስድስት ዶላር ነው፤ ሰውየው ለዚህም ፈቀደ። የአንድ ሰው ሪዙሜ በሁለት በር ገባ። ቀጣሪው ዘንድ ይህን አይቶ የመጀመሪያውን የሚቀበል አለ፤ ሁለቱንም የሚጥል አለ፤ የሁለት አገናኞችን ጭቅጭቅ ከመስማት መጣል ይቀልላልና። ለሰውየው ግን ማንም «ደግመህ ገብተሃል» ብሎ አይጽፍለትም። የሚደርሰው ዝምታ ብቻ ስለሆነ፣ «ቀለሜን አይተው ነው»፣ «ዐይን በላኝ» እያለ ሲተክዝ ይከርማል።

ዐይንን ካነሳን፣ ሌላም አለ። ሥራ ሳይያዝ አይወራም ብለን ስለምንደባበቅ፣ አንድ ክፍል የሠለጠኑ ሁለት ጓደኛሞች ከአንዱ ሪክሩተር ጋር ለአንዱ ቦታ ሲነጋገሩ ቆይተው የሚገናኙት ኢንተርቪው ላይ ነው።

ስለዚህ ከሃያው ዓምድ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው፦ የተነጋገሩበት ቀን፣ የሪክሩተሩ ስም፣ ስልክና ድርጅት፣ የመጨረሻው ደንበኛ ማን እንደሆነና የሥራው ቁጥር፣ ከተማውና የኮንትራቱ ርዝመት፣ የተፈቀደው ዋጋና ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን፣ ከዚያ ቀጣዩ ርምጃና ቀኑ። ከሁሉም የሚከብደው የደንበኛው ዓምድ ነው፤ ለመሙላት መጠየቅ ያስፈልጋላ። እኛ ደግሞ ዘመድን ስለ ደመወዙ ስንጠይቅ የማይይዘን ይሉኝታ፣ ሪክሩተር ፊት ድንገት ይይዘናል። የሚጠየቀው ግን «ኮንፈርም» ከመባሉ በፊት ነው። ስሙን አልናገርም ካለ፣ የሥራውን ቁጥር፣ ከተማውንና የኮንትራቱን ርዝመት ካለፈው መስመር ጋር ማስተያየት ይቻላል። የሥራው መግለጫ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አልቋል። የሐሙሱ ሰው የሰኞውን መስመር ቢያይ ኖሮ፣ ሬስተንና ዘጠኝ ወር ጎን ለጎን ቆመው ያፈጡበት ነበር።

ቀጣዩን ቀን ሠንጠረዡ ራሱ ያስላው። የተነጋገሩበት ቀን A2 ላይ ከሆነ፣ አምስት የሥራ ቀን ቆጥሮ ቅዳሜና እሑድን የሚዘለው ይህ ነው፤

```
=WORKDAY(A2,5)
```

ማርች 3 የተነጋገረ ሰው ማርች 10 ይደውላል ማለት ነው። የበዓል ቀን ግን ካልነገሩት አያውቅም፤ ታንክስጊቪንግ ቀን ደውል ይላችኋል። ቀኑ የደረሰውን መስመር ቀይ ለማድረግ፣ ቀጣዩ ቀን H ዓምድ ላይ ከሆነ፣ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ ይህን መጻፍ ይበቃል፤

```
=AND($H2<>"",$H2<=TODAY())
```

እዚህ ላይ ያገር ልጅ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ቀን አስቀድመን ወርን እናስከትላለን፤ የአሜሪካ ሠንጠረዥ ደግሞ ወርን ያስቀድማል። ማርች 10 ለማለት 10/3/2025 የጻፈ ሰው ኦክቶበር 3 ብሏል፤ መስመሩ እስከ መከር ድረስ አይቀላም፣ ሰውየውም «ሥርዓት ይዤ ነበር» እያለ ይገረማል። 13/3/2025 ብሎ ቢጽፍማ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል እዚህ ስለሌለ፣ ሠንጠረዡ ቀን መሆኑን ሳያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል። መለየት ቀላል ነው፤ ማንም አሰላለፉን ካልነካው ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። የስልክ ቀጠሮ ሰዓትንም ከጠዋቱ አራት ሰዓት እያሰቡ 4 ብለው የሚጽፉ አሉ። ሪክሩተሯ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ አሥር ሰዓት ላይ ስትደውል፣ 4ን የከሰዓት በኋላ አድርገው ያነበቡት እነሱ ሻወር ውስጥ ናቸው።

ቀይ መስመርም ቢሆን የሚታየው ለከፈተው ሰው ነው። ሠንጠረዡ አይጮኽም፤ የሚጮኸው የስልክ ካሌንደር ነው፣ ቀኑን እዚያም መጻፍ ያስፈልጋል። «ደግሞ ሁለቴ ልጻፍ?» የሚለው ሰው፣ አንዲት ሪክሩተርን ስሟን ለማስታወስ ግማሽ ሰዓት የሚያስብ ሰው ነው። አምስት ቀን ቆጥሮ መደወልንም እንደ ልመና የሚያየው አለ። ሪክሩተሯ ግን የምትበላው እሱ ሲቀጠር ነው፤ ደውሎ የደንበኛውን መልስ ቢጠይቃት ሥራዋን ነው ያስታወሳት።

ሰሞኑን አንዱ ወዳጃችን እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ይዞ ለአዲስ ደዋይ «የመጨረሻው ደንበኛ ማነው? የሥራ ቁጥሩስ?» ብሎ ጠየቀ። ከወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ጸጥታ ሆነ፤ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። ቁጥሩ ሲነበብ ከሦስት ሳምንት በፊት ለሌላ የፈቀደው ሆኖ ተገኘ። ምስጋናውን አቅርቦ፣ ተወክያለሁ አለ። ደዋዩም «ሌላ ሲኖር መልሼ እደውልልሃለሁ» ብሎ ዘጋ። ወዳጃችን ቀጣዩ ርምጃ ላይ «መልሶ እደውላለሁ ብሏል» ብሎ ጻፈና የቀኑን ዓምድ ባዶ ተወው።