ሥራ ሳይጀምሩ የመታመም ጥበብ

ሰኞ አዲስ ሥራ ይጀምራሉ እንበል። ውሉ ተፈርሟል፤ ከድሮው መሥሪያ ቤትዎም መልቀቂያ ወስደዋል። ሐሙስ ማታ ትኩሳት ያዝዎ። ዓርብ ጠዋት ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለና መድኃኒትና የ10 ቀን ዕረፍት ጻፈልዎ።

እንግዲህ ዝም ይበሉ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በሰው ኃይል ክፍሉ ሰው አለ፤ ግን ማን ገና ሳይጀምር በሽታውን ያወራል? ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሱ አለቃዎ ጠረጴዛዎን አስወልውሎ በር በሩን ሲያይ፣ በቴሌግራም «ትንሽ አሞኛል» ብለው ይላኩለትና ስልክዎን ያጥፉ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ዓርብ የተጀመረው 10 ቀን በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ያልቃል። ከሥራ የሚጎድለው አምስት ቀን ብቻ ስለሆነ «በሚቀጥለው ሰኞ ልጀምር» ማለት ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን ይሉኝታ ያለብዎ ሰው ነዎትና ሦስት ቀን ብቻ ይጠይቁ። ሐሙስ ሳይነሱ ሲቀሩ አንድ ቀን ይጨምሩ። ዓርብ ደግሞ አንድ። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ እንደታመመ ይቆጠራል።

ማኅተም ያለበትን የሐኪም ወረቀት ከትራስዎ ሥር ያኑሩት፤ ሰው በቃሉ ይታመን የለ?

ፊታቸውን ካጠቆሩብዎ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይጥቀሱ። የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ደግሞ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። መብቱ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ መሆኑን ግን አያንሱ። ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ እርስዎ አንዱንም አልሠሩም። በእጅዎ ያለው ትሕትና ብቻ ነበር፣ እሱንም አዋጅ ጠቅሰው ጨርሰውታል።

በመጨረሻ አለቃው ደውሎ «ይማርዎ» ካለዎ ተፈቀደልኝ ብለው ይተኙ። አንዲት የማውቃት አካውንታንት እዚህ ላይ ነገር ታበዛለች። ባለፈው ዓመት እሷም እንዲሁ ስትታመም በዚያው ዓርብ አራት መስመር ጻፈች፦ መታመሟን፣ ሐኪሙ የሰጣትን ቀን፣ የምትጀምርበትን ሰኞ፣ ወረቀቱም መያያዙን። «ይማርሽ» ሲሏትም አመስግና፣ አዲሱ የመጀመሪያ ቀን በጽሑፍ ይድረሰኝ አለች። ምርቃት ውል ላይ ያለ ቀን አይቀይርም ባይ ናት። ሰኞውን በጽሑፍ ሰጧት፤ እስካሁንም እዚያው ትሠራለች።

እርስዎ ግን ተረጋግተው ይተኙ። ፈተናውን ሁለተኛ ሆኖ ያለፈው ተጠባባቂ ስልኩ ክፍት ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ፈርሟል።