የአንዲቱ ማዳበሪያ ጥበብ

የጨዋታ ቀን ትጥቅ አያያዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቦርሳ፣ ለአሰልጣኙም አንድ የመጠባበቂያ ቦርሳ መድቦ በዝርዝር እየቆጠሩ መረከብ ነው፤ አሰልቺ ነው። ሁለተኛው፣ የላቀው፣ ከአምደወርቅ ለግጥሚያ ወደ ሰቆጣ ሲኬድ ያለውን ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ አጭቆ አፉን በሲባጎ መጠፈር ነው። ዝርዝሩ በቡድን መሪው ጭንቅላት ውስጥ ስለሚቀመጥ ወረቀት አይባክንም።

የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 4 ከተጫዋች የሚጠይቀው እጅጌ ያለው ማሊያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ፣ በካልሲ የተሸፈነ የቅልጥም መከላከያና ጫማ ነው። ጥንዱ ሁለት ተብሎ ሲቆጠር ለአንድ ሰው 8፣ ለ18 ሰው 144 ዕቃ ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃል የሚይዝ ጭንቅላት የበረኛውን ሁለቱንም የግራ ጓንት ይዞ ቢመጣ አይደንቅም።

የማዳበሪያው ትሩፋት ጎልቶ የሚታየው በቅያሪ ጊዜ ነው። መከላከያው ስለማይበቃ ተቀያሪው ከወጪው ይወርሳል። ወጪው መስመር ዳር ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፈታል፣ ካልሲውን ይገፋል፣ ላብ የጠጣውን መከላከያ ያስረክባል። ዳኛው ትጥቁ ያልተሟላን ሰው አያስገባምና ጨዋታው ሲቀጥል ቡድኑ በ10 ሰው ይሮጣል። ርክክቡ ግን አይቸኮልም። ጫማውም የወጪው ከሆነ፣ 43 ቁጥር የሚያደርገው ተቀያሪ እግሩን 41 ውስጥ ለማስገባት ወጌሻውን ይጠራል፤ ወጌሻው ማሰሪያውን ሲስብ ይበጠሳል፤ ትርፍ ማሰሪያ ፍለጋ ማዳበሪያው እንደገና ይዘረገፋል፤ ከሥሩ ያለፈው ዓመት ካልሲ፣ ግማሽ ዳቦና የተቃራኒ ቡድን ማሊያ ይወጣል። በዚህ መሐል ጎል ከገባ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ወራሹም ሜዳ ሲገባ ወጪው በባዶ እግሩ ተቀምጦ ውርሱን በዓይኑ ይከተላል።

የአሰልጣኙ መጠባበቂያ ደግሞ ፈጽሞ የማያስፈልግ ቅንጦት ነው። በሕጉ መሠረት ማሊያው በደም የተበከለ ተጫዋች ሳይቀይር አይመለስም፤ ስለዚህ ይቀመጥ፣ ይረፍ። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው መርፌ የሌለው የኳስ ፓምፕም ቢሆን ለዓይን ያምራል።

የማዳበሪያው ጥበብ ድህነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ የማይገዛ ቡድን የለም።

አሰልቺው ዘዴ እንዲህ ይሠራል። በዋዜማው ማታ እያንዳንዱ ተጫዋች ዕቃውን ወለል ላይ ይደረድራል፤ የቡድን መሪው ወረቀት ላይ በማሊያው ቁጥር ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ቦርሳው የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ጫማው ለባለቤቱ እግር የተለካ ስለሆነ ከባለቤቱ አይለይም። በአሰልጣኙ ቦርሳ ደግሞ ማንም ሊለብሳቸው የሚችላቸው ሁለት ሰፋፊ ማሊያዎች፣ ቁምጣ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ አንድ ጥንድ መከላከያ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የበረኛ ጓንት፣ ፓምፕ ከነመርፌው ይገባሉ። ከጨዋታው በኋላ መኪናው ከመነሳቱ በፊት በዚያው ወረቀት እንደገና ይቆጠራል። የጎደለ ካለ ያኔ ሜዳው ገና ቅርብ ነው።