ለሞተው ዲስክ ሁሉም ያለቅሳል

ከላምበረት እስከ ካራ ባለው የኮተቤ መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ፎቶ ቤት፣ ስንት የሰርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ፣ ስንት የሂሳብ ሥራ ቢሮ እንዳለ የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። ከብዙዎቹ ጠረጴዛ ሥር ሁለት ዲስክ የያዘች ጥቁር ሳጥን ትገኛለች። ፋይል በኔትወርክ የምታካፍል፣ የተገዛች ሰሞን «በቃ፣ ከእንግዲህ ዳታ አይጠፋም» የተባለላት ሳጥን። የምጠራው ሳጥኗ ስትጮህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። የምጠራው ጩኸቷ በሰው እጅ ከጠፋ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ምንም ያልተፈጠረ በመምሰሉ ነው። በሬይድ 1 የተዋቀሩ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይይዛሉ። አንዱ ሲወድቅ ሳጥኗ በሌላው ትቀጥላለች፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ደንበኛው ፍላሹን ይዞ ይሄዳል። የተለወጠው ነገር መብራቷ ብርቱካናማ መሆኑ፣ ስክሪኑ ላይ `Degraded` የሚል ቃል መውጣቱና ያ የሚያሰለች ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው። ሥራ ካልቆመ ደግሞ ማን ይጨነቃል? አንዱ ጎበዝ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ ያገኛል፤ ቢሮው ያመሰግነዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቢሮው ንብረት ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

በቅርቡ የገጠመኝ የሰርግ ስቱዲዮም እንዲሁ ነው። ድምፁን ያጠፉት በጥር፣ ሰርጉ በተደራረበበት ሰሞን ነበር። ባለቤቱ የደወሉልኝ ጾሙ ገብቶ፣ ሰርጉ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ሳጥኗ ስለዘገየች እንጂ ስለ ዲስኩ ብለው አይደለም። «ኢንጂነር፣ አንድ አዲስ ዲስክ ይዘህ ናና ክተትልን፣ አምስት ደቂቃ ነው አሉ» አሉኝ። ማን እንዳላቸው አልጠየቅኩም። ያ «አሉ» የሚባለው ሰው ኮተቤ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ደንበኛ አለው።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በሞተው ዲስክ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ይመስል ሁሉም ሬሳውን ይከባል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሌላው ሰው እያቃሰተ መሆኑን የሚያስተውል የለም። የሞተው ዲስክ እኮ ከእንግዲህ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የለም። መታየት ያለበት የቀረው ነው። ሁለቱ የተገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ምናልባትም ከአንድ ካርቶን ነው፤ እኩል ሰዓት ዞረዋል፣ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር እኩል ተንገጫግጨዋል። አንዱ ሲሞት ሌላው ጎረምሳ ነው ብሎ ማሰብ ከየት የመጣ ተስፋ እንደሆነ አይገባኝም።

ስለዚህ አዲስ ዲስክ ሳልይዝ ሄድኩ፤ ባለቤቱም ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። መጀመሪያ `cat /proc/mdstat` ብዬ አየሁ፦

```
md2 : active raid1 sdb3[1](F) sda3[0]
      3902196416 blocks super 1.2 [2/1] [U_]
```

`[2/1]` ማለት ሁለት ዲስክ መኖር ሲገባው የሚሠራው አንድ ነው። `U` የሚሠራው ነው፣ ሰረዙ የጎደለው፣ `(F)` ደግሞ የወደቀው መሆኑን ይናገራል። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘለለው ቀጣዩ ነው፦ የቀረውን ዲስክ በ`smartctl -a /dev/sda` መመርመር። ከላይ በትልቁ `PASSED` ብሎ ይወጣል፤ ያን ቃል አይቶ ላፕቶፑን የሚዘጋ ባለሙያ ሞልቷል። ሊሞት ሰዓታት የቀሩት ዲስክም `PASSED` ሲል አይቻለሁ። የሚነበቡት ከታች ያሉት መስመሮች ናቸው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ቁጥር 197፣ `Current_Pending_Sector`፣ ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃቱትን ቦታዎች ይቆጥራል። በዚህ ስቱዲዮ ሳጥን 197 ላይ 8 የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

«ስምንት ምን አላት?» አሉኝ ባለቤቱ። ብቻዋን ብዙ ላትሆን ትችላለች፤ አዲስ ዲስክ ሲገባ ግን ሳጥኗ የቀረውን ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባዶውን ቦታ ሳይቀር፣ ማንበብ አለባት። ስለዚህ ያቺን የታመመች ቦታ መርገጧ አይቀርም፤ እዚያ ስትደርስም ግንባታው ሊቋረጥ ይችላል። ፋይል በፋይል ወደ ኤክስተርናል ከተገለበጠ ግን የሚጎዳው ያቺን ቦታ የያዘው ፋይል ብቻ ነው፤ ቦታዋ ባዶ ከሆነች ደግሞ ምንም አይጎዳም። መቅዳት ከመተካት የሚቀድመው ለዚህ ነው። እኛም መጀመሪያ ለደንበኛ ያልተሰጡትን ሰርጎች፣ ቀጥሎ የሂሳብ ፋይሉን፣ በመጨረሻ የድሮውን ገለበጥን። አንድ የቪዲዮ ፋይል አልገለበጥም ብሎ ቀረ፤ የኬክ ቆረሳ ነበር፣ ያውም ከሁለት ካሜራ የአንዱ። ሌላው ሁሉ ወጣ።

የ199 ነገርም አለ። `UDMA_CRC_Error_Count` ብቻ እያደገ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲስኩ ሳይሆን የኬብሉ ወይም የመክተቻው ነው። ይህን ሳያዩ ደህና ዲስክ ጥለው አዲስ የገዙ አሉ። እንደ ዶላሩ ነገር ከሆነ ቅንጦት ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው እሮሮዬ ልምጣ፤ «የቱን ነው የምነቅለው?» ወደሚለው። በሌላ ቢሮ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው መጣና የወደቀው ሁለተኛው ነው ስለተባለ ከቀኝ ቆጥሮ ሁለተኛውን ነቀለ። የነቀለው ደህናውን ነበር። ሳጥኗ ቆመች። ደንግጦ አጥፍቶ አበራት፤ የወደቀው ዲስክ ጥቂት አርፎ ስለነበር እንደ ምንም ነቃ። ፋይሎቹ ታዩ፣ ሁሉም እልል አለ። ያ ዲስክ ግን ከወራት በፊት ከጨዋታ የወጣ ነው፤ የያዘው የዚያን ቀን መልክ ነው። ከዚያ ደህናውን ዲስክ «አዲስ» ብሎ መልሶ ከተተው፤ ሳጥኗም ጥገና ይጀመር ወይ ስትለው አዎ አለ። የወራቱ ሥራ በአሮጌው ተደምስሶ ተጻፈበት። ሳጥኗ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው፤ መጨረሻ ላይም መብራቷ አረንጓዴ ሆነ።

ዲስክን በቦታው ወይም `sda` `sdb` በሚለው ስሙ ማመን አይገባም፤ ስሙ ሳጥኗ ጠፍታ ስትበራ ሊቀያየር ይችላል። የማይቀያየረው ዲስኩ ላይ የታተመው መለያ ቁጥር ነው። `smartctl` በ`Serial Number` መስመር ያወጣዋል። የወደቀው ጨርሶ ምላሽ ካልሰጠ የደህናውን ቁጥር ጽፎ መያዝና «ይህን አልነካም» ማለት ነው። ከዚያ የወደቀውን ከሳጥኗ ሜኑ ማሰናበት፤ ሳጥኗ ሳትጠፋ የሚነቀልበት ዓይነት ካልሆነች ማጥፋት፤ ነቅሎ ቁጥሩን ማስተያየት። የተነቀለውንም መጣል የለም፤ ግንባታው አልቆ ፋይሎቹ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ በወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

የሚገዛው ዲስክ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋውን ስናገር ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል። ስለዚህ ርካሹ ይፈለጋል፣ ርካሹም ወጥመድ አለው። ትራኮቹን እንደ ቆርቆሮ ክዳን አነባብረው የሚጽፉ ዲስኮች አሉ፤ ተራ ፋይል ለማስቀመጥ ይበቃሉ፣ ግንባታ ሲጀመር ግን ይተኛሉ። ዌስተርን ዲጂታል ለእንዲህ ዓይነት ሳጥን ተብለው በሚሸጡ የሬድ ዲስኮቹ ውስጥ ይህን ዘዴ መጠቀሙን ያመነው በፈረንጆች 2020 ነው፤ እስኪያምን ድረስ ገዢው በምን ይወቅ? በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተደረሰበት። አውሮፓ ይህ ከሆነ የእኛን ገበያ አስቡት። ሲጌት ከሆነ `smartctl -l farm /dev/sdX` ብሎ እውነተኛውን ሰዓት ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ልየው ስትሉት ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ግንባታው 4 ቴራባይት በሴኮንድ 130 ሜጋባይት ቢሄድ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ኮተቤ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ ስምንት ሰዓት ተኩል! ዩፒኤስ አለን ይሉኛል፤ ዩፒኤሱ ላይ ሞኒተሩና ፕሪንተሩ ተሰክተዋል፣ ሳጥኗ ግድግዳው ላይ። ትንሽ ዩፒኤስ ስምንት ሰዓት አይችልም፤ ሥራው በዩኤስቢ ገመዱ ለሳጥኗ «መብራት ሄዷል» ብሎ በወግ እንድትዘጋ ማድረግ ነው። ያ ገመድ ሁልጊዜ ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ ነው የማገኘው።

ጥፋቱን በእንጦጦ ከፍታ የሚያሳብቡም አሉ። ተራ ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠራ ነው የሚመረተው፤ የማንበቢያው ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ ከሳሳ ወደ ሰሌዳው ይጠጋል። 3,200 ሜትር አካባቢ ያለው የእንጦጦ የሕዋ መመልከቻ ይህን ቢያነሳ ያስኬዳል። ኮተቤ ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ያለች ናት፤ ተራራውን እንተወው።

ስቱዲዮው አዲሱን ዲስክ አስገባ፣ ግንባታው አለቀ፣ ከዚያ 197 ላይ 8 የታየበትን አሮጌውን ዲስክም በተራው እንቀይር ብዬ ለባለቤቱ ነገርኳቸው። «አሁን አረንጓዴ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ቅጂው ያለበት ኤክስተርናልም በነጋታው ለአዲስ ቀረጻ ተደመሰሰ።

እባካችሁ፣ ዛሬ ሁለቱም ዲስኮች ደህና ሳሉ፣ የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በየመክተቻው ፊት ለጥፉ። አንዱ የወደቀ ቀን ደግሞ ከሳጥኗ ውጭ ቅጂ መኖሩን ሳታረጋግጡ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ምንም እንዳይነቅል።