ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ

ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፤

ጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐር እንደምትፈልጉ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አይቼ ነው የምጽፈው። ማስታወቂያው “በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ያለው” ይላል። የለኝም። ኮዲንግ የተማርኩት ራሴን በራሴ ነው፤ አስተማሪውም ተማሪውም አንድ ሰው ስለሆነ የምስክር ወረቀቱን ማን እንደሚፈርምልኝ ቸግሮኛል። “ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል” ብዬ ልጀምርም አስቤ ነበር፤ ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው ስለሌለ ተውኩት። ይልቅ የአንድ ሶፋ ቤት ድረ ገጽ ላሳያችሁ።

የሶፋ ቤቱ ባለቤት “ሰው ገጹን ይከፍተዋል፣ ሶፋውን ሳያይ ይወጣል” እያሉ ያማርሩ ነበር። እሳቸው ቢሮ ሆነው በዋይፋይ ሲከፍቱት ምንም አይለውም። እኔ በስልኬ ዳታ ስከፍተው ግን ፎቶው እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። ኮምፒውተር ላይ የብሮውዘሩን `Network` መስኮት ከፍቼ ባይ፣ 12 ፎቶዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ገደማ። ባለ 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ደንበኛ ሶፋ ሳይመርጥ ከጥቅሉ ከግማሽ በላይ ተበላበት ማለት ነው። ኮዱ እንዲህ ይላል፦

```html
<img src="sofa.jpg" width="300">
```

ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ፎቶውን ያሳነሰ መስሎታል። `width` ግን የሚያሳንሰው ስክሪን ላይ የሚታየውን እንጂ የሚወርደውን ፋይል አይደለም። ስልኩ 4000 ፒክስል ስፋት ያለውን ፎቶ ሙሉውን ጎትቶ ያመጣና፣ ከዚያ በኋላ በ300 ልክ ያሳየዋል።

ፎቶዎቹን በ600 ፒክስል ስፋት አሳንሼ ወደ ዌብፒ ቀየርኳቸው። ልክ 300 ባደርጋቸው የዛሬ ስልኮች ስክሪን ላይ ይደበዝዛሉ።

```html
<img src="sofa-600.webp" width="300" height="200"
     loading="lazy" alt="ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ">
```

`height` የጨመርኩት ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ወደ ታች እንዳይዘል ነው። `loading="lazy"` ደግሞ ታች ያሉት ፎቶዎች አንባቢው እስኪጠጋቸው እንዲጠብቁ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ግን አላደረግኩትም፤ ገጹ ሲከፈት የሚታየውን ፎቶ ጠብቅ ማለት ራስን ማዘግየት ነው። አሁን አንዱ ፎቶ 50 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ አሥራ ሁለቱም ተደምረው 1 ሜጋባይት አይሞሉም።

የዳነ ገጽ በሽታውን ስለማያሳይ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ የድሮውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጫለሁ። የሁለቱን ሊንክ አያይዣለሁ፤ እባካችሁ ዋይፋያችሁን አጥፍታችሁ በስልክ ክፈቷቸው። ሎጎውና ያ የሚያቃጥል ብርቱካናማ ቀለም የእኔ ሥራ አይደሉም፤ ለነሱ ተጠያቂ እንዳታደርጉኝ።

ባለቤቱን ስለ እኔ ብትጠይቋቸው ብዙ አትጠብቁ። ጨርሼ ሳሳያቸው “ምኑን ነው የቀየርከው? ያው ነው እኮ!” ነው ያሉኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሶፋ ቤቱ ባለቤት፣ የቀረችውን ግማሽ ክፍያ ለማስታወስ